ሕፃን አፉን የሚፈታው በመማር ነው ወይስ በተፈጥሮ ችሎታ?

በ1957 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስኪነር ባቀረበው ማብራሪያ መሠረት ልጅ የሰማውን ይደግማል፤ ትክክል ሲናገር ከአዋቂዎች ምላሽ ስለሚያገኝ ልማዱ ይጸናል። ማንም «ውሃ» የሚለውን ቃል ይዞ ስለማይወለድ፣ ቃላትን በተመለከተ ማብራሪያው ያሳምናል። የሚቸገረው ሰዋስው ላይ ሲደርስ ነው።

በ1958 ጂን በርኮ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች የአንድ ምናባዊ ፍጡር ሥዕል አሳይታ «ይህ ዋግ ነው» አለቻቸው፤ ቀጥላ ሁለት ፍጡራን አሳይታ «አሁን ሁለት…» ብላ ዝም ስትል፣ አብዛኞቹ «ዋግዝ» ብለው ጨረሱላት። ቃሉ የተፈጠረው ለጥናቱ በመሆኑ ልጆቹ ከማንም ሊኮርጁት አይችሉም፤ የብዙ ቁጥርን ደንብ ራሳቸው ይዘውታል ማለት ነው።

የሥነ ልሳን ሊቁ ቾምስኪ ደግሞ ልጅ የሚሰማው ንግግር ውስን ሆኖ ሳለ ይህን ያህል ሰዋስው የሚያውቀው፣ መሠረቱ አብሮት ስለተወለደ ነው ይላል። ሆኖም (ብዙዎች የሚዘነጉት ይህን ነው) ደንብ መያዝ ብቻውን ደንቡ በተፈጥሮ መገኘቱን አያረጋግጥም። በ1996 በታተመው የሳፍራንና የባልደረቦቿ ጥናት፣ የ8 ወር ሕፃናት ያለ ፋታ የሚፈስ ትርጉም የለሽ ንግግር ለ2 ደቂቃ ብቻ ሰምተው የትኞቹ ክፍለ ቃላት አዘውትረው እንደሚከታተሉ ለይተዋል። ይህ የመለየት ችሎታ የተፈጥሮ ሊሆን ይችላል፤ አከራካሪው ለቋንቋ ብቻ የተሰጠ መሆን አለመሆኑ ነው።