የጅማ በርጩማ የሚሸጥ ሰው የገጹን ርዕስ እንዴት ይጻፍ? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ሰ እና ሠ ያው ናቸው፤ ጎግል ራሱ ያውቀዋል»

ለጆሮ ልዩነት የላቸውም። ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል መለያ ቁጥር በሚሰጥበት በዩኒኮድ ግን ሰ U+1230፣ ሠ ደግሞ U+1220 ነው፤ ለማሽኑ እንደ ለ እና መ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ጎግል አንዳንዴ ሁለቱን ቢያዛምድም ሁልጊዜ ያደርገዋል ብሎ መተማመን አይቻልም። ስለዚህ ርዕሱ ላይ የሚገባው ብዙ ሰው የሚጽፈው ነው። በላቲን ፊደል የሚያስጽፉ ብዙ የስልክ ኪቦርዶች ላይ s ሲነካ የሚመጣው ስ ነው፤ ሥን ለማግኘት ተጨማሪ ንክኪ ያስፈልጋል። ፈላጊው ቸኩሏልና ለምሳሌ «የአባ ጅፋር ቤተ መንግስት» ብሎ ያልፋል። «መንግሥት» የሚለውን ከወደዳችሁት፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ጽሑፉ ውስጥ አስገቡት።

የከተማችን ስምም እንዲሁ ነው፤ ጅማ የሚል አለ፣ ጂማ የሚል አለ። አንዱን ርዕስ ላይ፣ ሌላውን የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ማዋል ይበቃል።

«በላቲን የሚጽፍ ሰው እንግሊዝኛ ገጽ ነው የሚፈልገው»

`jimma berchuma waga` ብሎ የጻፈው ሰው አማርኛ እየተናገረ ነው፤ የአማርኛ ኪቦርድ ስልኩ ላይ የለም ወይም መቀያየሩ ሰልችቶታል። ብዙ ሻጮች ግን በአማርኛው ርዕስ ጎን `Traditional Wooden Stool` ይጨምራሉ። ይህ ለውጭ አገር ገዢ ይጠቅም ይሆናል፤ አዲስ አበባ ሆኖ ባለሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ለሚፈልገው ግን አንድም ቃሉን አያገኝም። ለእሱ የሚሆነው እንዲህ ያለው ነው፦

```
<title>የጅማ በርጩማ ዋጋ | Jimma Berchuma Waga</title>
```

ዋናው ነገር ቃሉ በግዕዝ ፊደል ቀድሞ መምጣቱና ላቲኑም ቃሉ ለጆሮ እንደሚሰማው መጻፉ ነው።

«እንግዲያው Jima, Djimma, bercuma, barchuma ሁሉንም ልደርድራቸው»

ጎግል ለርዕስ የፊደል ብዛት ገደብ አላወጣም፤ ውጤቱ ላይ ሲያሳየው ግን በስክሪኑ ስፋት ይቆርጠዋል። የግዕዝ ፊደል ከላቲኑ ሰፋ ስለሚል የአማርኛ ርዕስ ቶሎ ይቆረጣል። ከዚያም በላይ ርዕሱ የቃላት ክምር ከሆነ ጎግል ትቶት ከገጹ ትልቁ አርእስት የራሱን ሊያወጣ ይችላል። ይህ መድረሱን ለማወቅ ገጻችሁን ፈልጋችሁ የሚታየውን ርዕስ ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩ።

«ሰው የሚጽፈውን ሰርች ኮንሶል ስለሚነግረኝ ሌላ መጠየቅ አያስፈልገኝም»

ጎግል ለገጽ ባለቤቶች በሚሰጠው በዚህ መሣሪያ ውስጥ ያለው `Queries` የሚለው ዝርዝር ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን የሚያሳየው ገጻችሁ ውጤት ላይ የታየባቸውን ፍለጋዎች ብቻ ነው። `barchuma` የሚል ቃል ገጹ ላይ ከሌለ፣ በዚያ አጻጻፍ የሚፈልጉ ሰዎች ዝርዝሩ ውስጥ ላይገቡ ይችላሉ፤ እናንተም ፈላጊ የለም ብላችሁ ትደመድማላችሁ። ስለዚህ አጠራጣሪውን አጻጻፍ መጀመሪያ ጽሑፉ ውስጥ አንዴ አስገቡት፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዝርዝሩን በዚያ ቃል አጣሩት። እየታየ ከመጣና አሁን ርዕስ ላይ ካለው ከበለጠ ርዕሱን ቀይሩ። ደንበኞች በቴሌግራም ሲጠይቋችሁ የሚጽፉትንም እንዳለ ያዙት፤ ጎግል ላይም የሚጽፉት እነዚያው ጣቶች ናቸው።