ነባር ሕዝብና አናሳ ብሔረሰብ፦ ከጎጃም ሆኖ ሲታይ

ጎጃም ውስጥ «የአገሬው ሰው» ሲባል ትርጉሙ ግልጽ ነው። አያቱ እዚያው የተቀበረ፣ ርስቱ የሚታወቅ ማለት ነው። «ነባር ሕዝብ» የሚለውን የዓለም አቀፍ ሕግ ቃል ብዙ ሰው የሚረዳውም በዚሁ ሚዛን ነው። ማን ቀድሞ መጣ? ማን መጤ ነው? ሕጉ ግን በዚህ ጥያቄ ብቻ አይሄድም። «አናሳ» ከሚለው ቃል ጋርም ብዙ ጊዜ ይቀላቀላል። በአማርኛ ሁለቱን ለይቶ የሚያስረዳ ጽሑፍ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ እጄ ላይ ካሉት የሕግ ሰነዶችና ስለ ጣና ከተጻፉ የድሮ ተጓዦች ማስታወሻዎች ይህን አሰናድቻለሁ። በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፉት ዓመታት እ.ኤ.አ. የሚል አለባቸው።

ከአናሳ እንጀምር። የዓለም አቀፉ የሲቪልና ፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 27 የሚናገረው የዘር፣ የሃይማኖት ወይም የቋንቋ አናሳ ወገን አባል ስለሆኑ ሰዎች ነው። ባህላቸውን እንዲኖሩ፣ ሃይማኖታቸውን እንዲከተሉ፣ በቋንቋቸው እንዲጠቀሙ አይከለከሉም ይላል። ልብ በሉ፤ መብቱ የተጻፈው ለእያንዳንዱ ሰው ነው፤ ከሌሎች የወገኑ አባላት ጋር ሆኖ ይጠቀምበታል። ስለ መሬት አንድም ቃል የለም። አናሳ ለመባል ደግሞ ዋናው ነገር በአገሩ ሕዝብ መካከል በቁጥር ማነስና የበላይነት አለመያዝ ነው።

የነባር ሕዝቦች ሕግ መነሻው ሌላ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣው 107ኛው ስምምነት ነባሮችን ቀስ በቀስ ከተቀረው ሕዝብ ጋር የመቀላቀል መንፈስ ነበረው። ያ አስተሳሰብ ተተችቶ እ.ኤ.አ. በ1989 በ169ኛው ስምምነት ተተካ። አዲሱ ስምምነት ሁለት ነገር አመጣ። አንደኛው፣ አንድ ሕዝብ ነባር ነኝ ብሎ ራሱን ማየቱ መሠረታዊ መስፈርት ሆነ። ሁለተኛው፣ በልማድ በያዙት መሬት ላይ የባለቤትነትና የይዞታ መብት ለሕዝቡ በጋራ ታወቀ። ከአፍሪካ ይህን ስምምነት ያጸደቀችው የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ናት። ኢትዮጵያ አላጸደቀችም።

ቀጥሎ የተባበሩት መንግሥታት የነባር ሕዝቦች መብቶች መግለጫ መጣ። ጠቅላላ ጉባኤው ያጸደቀው እ.ኤ.አ. መስከረም 13 ቀን 2007 ነው። በእኛ መስከረም 2 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ሚሊኒየሙ በገባ ማግስት ማለት ነው። 144 አገሮች ደገፉ፣ 4 ተቃወሙ፣ 11 ድምፅ አቀቡ። ኢትዮጵያ ድምፅ ሲሰጥ አዳራሹ ውስጥ አልነበረችም። ምክንያቱን በዓሉ ላይ የሚያሳብብ ቀልደኛ አይጠፋም፤ አብዛኞቹ የአፍሪካ መንግሥታት ግን በዚያን ጊዜ የተለመደ ክርክር ነበራቸው። «አፍሪካ ውስጥ ሁላችንም ነባር ነን፤ ማንን ከማን ልንለይ ነው?» ይሉ ነበር።

ለዚህ መልስ የሰጠው የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ነው። በእኔ ግምት ከሁሉም የተሻለው መልስ የእሱ ነው። ኮሚሽኑ «ማን ቀደመ» የሚለውን ጥያቄ ወደ ጎን አደረገው። በምትኩ ሦስት ነገር ይመለከታል። ሕዝቡ ራሱን ለይቶ ያያል ወይ? ኑሮውና ባህሉ ከአንድ መሬት ወይም ውሃ ጋር ልዩ ትስስር አለው ወይ? የአኗኗር ዘዴው ከገዢው የእርሻና የከተማ ኑሮ በመለየቱ የተገፋ፣ የተናቀ ወይም መሬቱን ያጣ ነው ወይ? በዚህ መለኪያ አፍሪካ ውስጥ በብዛት የሚነሱት አዳኞች፣ ፍሬ ለቃሚዎችና አርብቶ አደሮች ናቸው።

አሁን ይህን ጎጃም ላይ እናስቀምጠው።

አዊን እንውሰድ። አገው ምድር፣ እንጅባራ፣ ሰባት ቤት አገው፣ በፈረሰኞቹ ስሙ የተጠራ አገር ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ አዊዎች ከ600 ሺህ በላይ ነበሩ። በአማራ ክልል ውስጥ በቁጥር አናሳ ናቸው። የክልሉ ሕገ መንግሥት የብሔረሰብ አስተዳደር አቋቁሞላቸዋል፤ ቋንቋቸው አውኚ በትምህርት ቤት ይሰጣል። በጎጃም ምድር ጥንታዊነታቸውን የሚጠራጠር የለም። በኮሚሽኑ መለኪያ ግን ነባር ሕዝብ ተብለው ሲነሱ አይሰማም። አዊ አራሽ ነው፤ ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ዓይነት ይዞታ፣ በአንድ ዓይነት በሬ ያርሳል። ስለዚህ ጥያቄው የቋንቋ፣ የውክልናና የበጀት ሆኖ ይቀራል። እነዚህ ደግሞ የአናሳ ብሔረሰብ ጥያቄዎች ናቸው።

ጣና ዳር ሲደረስ ነገሩ ይለወጣል። ነገደ ወይጦ የሚባሉት በሐይቁ ዙሪያና በባሕር ዳር የሚኖሩ ጥቂት ሕዝብ ናቸው። በ1987ቱ ቆጠራ 1,631 ሰው ብቻ ተመዝግቧል። በደቡብ ካለው የወይጦ ወንዝ ጋር መምታታት የለባቸውም። ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1770 ገደማ ሲያልፍ ከአካባቢው ሁሉ የተለየ ቋንቋ እንደሚናገሩ ጽፏል፤ ስለ ቋንቋው ግን ዝርዝር አልያዘም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመጡ አጥኚዎች አማርኛ ሲናገሩ ነው ያገኟቸው። የቀድሞው ቋንቋ ምን እንደነበረ ዛሬም ሊቃውንቱ አልተስማሙበትም፤ አገውኛ ነበር የሚልም አለ። በሁለቱ ዘመን መሐል ያለው ታሪካቸው እምብዛም አልተጻፈም።

ኑሯቸው ጉማሬ ማደን ነበር። ሥጋውን ይበሉ፣ ቆዳውን ይሸጡ ነበር። አማርኛ ራሱ ለዚህ ምስክር ነው፤ አለንጋውን በእንስሳው ስም «ጉማሬ» ብለን እንጠራዋለን፣ «በጉማሬ ገረፈው» እንላለን። አለንጋው በየባላባቱ እጅ ሲገባ ቆዳውን ያመጣው ሰው ግን ይናቅ ነበር። ጉማሬ በመብላታቸው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይጠየፋቸው ነበር፤ እነሱ ራሳቸው ሙስሊሞች ነን እያሉ። አብሮ መብላትና መጋባት የተከለከለ ያህል ነበር። ይህ ለጎጃም የሚያኮራ ምዕራፍ አይደለም፤ ይሁንና በሌላው የአገራችን ክፍልም በሸማኔ፣ በሸክላ ሠሪና በቀጥቃጭ ላይ የኖረ ነገር ነው።

ጉማሬው ሲመናመን የቀረው ዓሣና ደንገል ነው። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ በነዶ በነዶ ታስሮ ይጋጠማል። ታንኳዋ ሐይቅ ላይ ስትሠራ ውላ ውሃ እየጠጣች ትከብዳለች፤ ስለዚህ በየጊዜው ወደ ዳር ወጥታ ፀሐይ መምታት አለባት። ዕድሜዋ አጭር ነው፤ ብዙም ሳይቆይ አዲስ ትታሰራለች። ባለ ታንኳው ሁልጊዜ ቅርብ የሆነ የደንገል ጨፌና ታንኳ የሚያወጣበት ዳርቻ ይፈልጋል ማለት ነው። ዳርቻው ሆቴል ወይም የግል ግቢ ሲሆን፣ ጨፌው ለእርሻ ሲመነጠር፣ ሙያው አብሮ ይሄዳል። ቋንቋውን ማንም ባይከለክለው እንኳ ባህሉ የሚቆምበት መሬት የለውም።

የሁለቱ ምድቦች ልዩነት እዚህ ላይ በዓይን ይታያል። ነገደ ወይጦ እንደ አናሳ ብሔረሰብ ቢከራከር ምን ይጠይቃል? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 39 ብሔር፣ ብሔረሰብ ወይም ሕዝብ ለመባል የጋራ ባህል፣ የጋራ ቋንቋ፣ የጋራ ህልውና እምነት፣ የሥነ ልቦና አንድነትና በአብዛኛው የተያያዘ መልክዓ ምድር ያስፈልጋል። ቋንቋው ጠፍቷል፤ ሰፈሩ በሐይቁ ዙሪያ ተበታትኗል። በር ላይ ሁለት መሰናክል አለ። የእውቅና ጥያቄ መጀመሪያ ለክልሉ ይቀርባል፣ መልስ ካጣ ወይም ካልረካ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ይሄዳል። ስልጤ በዚህ መንገድ ሄዶ በ1993 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ከጉራጌ የተለየ ማንነቱን አስከብሯል። ስልጤ ግን ብዙ ሕዝብ፣ የራሱ ቋንቋና አንድ ላይ የተያያዘ አገር ነበረው። ለአናሳ ብሔረሰቦች በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከ20 የማያንስ መቀመጫ ቢጠበቅም፣ አንድ መቀመጫ ደንገል አያበቅልም።

እንደ ነባር ሕዝብ ቢከራከር ጥያቄው ራሱ ይቀየራል። ቋንቋ መጥፋቱ ከበር አይመልሰውም። የሚጠየቀው «ከሐይቁ ጋር ያለህ ትስስር ምንድን ነው? በአኗኗርህ ተገፍተሃል ወይ?» የሚለው ነው። ሁለቱም መልስ አላቸው። የሚጠየቀው መብትም ዳርቻው፣ ጨፌው፣ ዓሣ ማስገሪያው ነው። በ2000ው መግለጫ አንቀጽ 10 መሠረት ደግሞ አስቀድሞ አውቀውና ፈቅደው ካልሆነ ከቦታቸው አይነሱም።

የአገራችን ሕግ ግን እዚህ ላይ ክፍተት አለው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ስለ መሬት ሲናገር ገበሬውንና ዘላኑን በስም ይጠራል፤ ከመሬታቸው እንዳይነቀሉም ይጠብቃቸዋል። ዓሣ አስጋሪና አዳኝ አልተጠቀሱም። መሬት ለልማት ሲወሰድ ካሳ የሚሰላው በይዞታና በይዞታው ላይ ባለው ንብረት ነው። ውሃ ላይ ይዞታ የለም፤ የበቀለ ደንገልም የማንም ንብረት ተብሎ አልተመዘገበም። የሚነሳው ሰው ለጎጆው ካሳ ቢያገኝ እንኳ ለሐይቁ የሚሰላለት የለም።

በጎረቤት ኬንያ የተፈረደውን ማየት ይጠቅማል። ኦጊየክ የተባሉት አዳኝና ማር ቆራጭ ሕዝብ ከማው ጫካ ሲባረሩ የአፍሪካ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ግንቦት 26 ቀን 2017 ነባር ሕዝብ መሆናቸውን ተቀብሎ ኬንያ መብታቸውን ጥሳለች ብሎ ወሰነ። ጫካውን መጠበቅ በሚል ሰበብ ብቻ ሊነሱ አይገባም አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ካሳም ወሰነ። ኢትዮጵያ የዚህን ፍርድ ቤት ፕሮቶኮል አላጸደቀችም። ከኢትዮጵያ የሚነሳ አቤቱታ የሚሄደው ባንጁል ወዳለው ኮሚሽን ነው፤ የአፍሪካ ቻርተር እኛም ላይ ይሠራልና። ለማንኛውም የአንቀጽ 27 መንገድም ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፤ ቃል ኪዳኑን የሚተረጉመው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ማብራሪያ ባህል አንዳንዴ በአደንና በዓሣ ማስገር ሊገለጽ እንደሚችል ተቀብሏል።

የመተከል ነገር ሌላ ነው፤ ቀድሞ የጎጃም አካል ነበር፣ ዛሬ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ ነው። የዚያ ክልል ሕገ መንግሥት በርታን፣ ጉሙዝን፣ ሺናሻን፣ ማኦንና ኮሞን የክልሉ ባለቤት ብሔረሰቦች ይላቸዋል። ጉሙዞች ከ1977 ዓ.ም. በኋላ በበለስ ሸለቆ በፓዊ ሰፈራ መሬት ያጡ ናቸው፤ በኮሚሽኑ መለኪያ ጥያቄያቸው ይቆማል። ችግሩ ሕጉ «ባለቤት» ሲል ጥበቃን ከሥልጣን ጋር ማያያዙ ነው። በ1992ቱ ምርጫ የአካባቢውን ቋንቋ አይችሉም ተብለው ሌሎች ነዋሪዎች ከእጩነት ተከለከሉ። ፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1995 ዓ.ም. የክልሉን የሥራ ቋንቋ፣ ማለትም አማርኛን፣ ማወቅ ይበቃል ብሎ ወሰነ። በዓለም አቀፉ ሕግ ነባር ማለት የበላይነት ያልያዘ ነው፤ እዚያ ግን ነባርነት ወንበር የሚያስገኝ ማዕረግ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ በመተከል የፈሰሰው ደም መንስኤው ብዙ ነው፤ ከመካከላቸው አንዱ ይህ ቃል እንደሆነ የሚናገሩ አሉ። መንግሥት «ባለቤት» ሲል የጎጃም ገበሬ «እኔ ታዲያ እንግዳ ነኝ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ የጉሙዝ አዛውንትም የበለስን መሬት ያሳያል።