ተናገረ እንጂ ምን አደረገ?

«ወሬ ወሬ ነው፤ ሥራ ደግሞ ሥራ ነው።»

ሁልጊዜ አይደለም። «ውጭ እየዘነበ ነው» ካልኳችሁ በመስኮት አይታችሁ እውነት ወይም ውሸት ትሉኛላችሁ። «ብርህን ነገ እመልሳለሁ፣ ቃሌ ነው» ስል ግን በመስኮት የሚታይ ነገር የለም። ያን ስል ቃል ገባሁ፤ ቅድም ያልነበረ ግዴታ መጣብኝ። የኦክስፎርዱ ፈላስፋ ጆን ኦስቲን በ1955 እ.ኤ.አ. ሃርቫርድ ላይ በሰጠው ተከታታይ ትምህርት ያብራራው ይህንን ነው። ቃል መግባት፣ ስም ማውጣት፣ መወራረድ፣ ይቅርታ መጠየቅ፤ እነዚህ ሁሉ በመናገር የሚሠሩ ሥራዎች ናቸው።

«ከልቡ ካላለው ቃል ገባ አይባልም።»

ይባላል እንጂ! ካፍ ከወጣ አፋፍ። አለዚያማ ውሸታም ሁሉ «በሆዴ ሌላ ነበር» እያለ ያመልጥ ነበር። ኦስቲን ሁለት ዓይነት ብልሽት ይለያል። ሥልጣኑ የሌለው መንገደኛ ወደብ ላይ ሄዶ ለአዲስ መርከብ ስም ቢያወጣ፣ መርከቧ ስም አላገኘችም፤ ሥራው ጭራሽ አልተሠራም። ሊጠብቀው ሳያስብ ቃል የገባ ሰው ግን ገብቷል። ጥፋቱ አለማክበሩ ነው፤ ስለዚህም «ቃልህን በላህ» ተብሎ ይወቀሳል።

«ማዘንና ይቅርታ መጠየቅ ያው ነው።»

ልዩነቱን አውስትራሊያ ላይ በደንብ ማየት ይቻላል። እዚያ መንግሥት ለአሥርት ዓመታት የነባር ሕዝቦችን ልጆች ከወላጆቻቸው ነጥሎ ወስዷል። በ1999 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ሃዋርድ ያቀረቡት ውሳኔ በፓርላማ ጸደቀ። ውሳኔው ጥልቅና ልባዊ ሐዘንን ይገልጻል፤ ይቅርታ ግን የለበትም። ሃዋርድ የዛሬው ትውልድ ባለፈው በደል መጠየቅ የለበትም ባይ ነበሩ። በደሉ የደረሰባቸው ሰዎች በዚህ አልረኩም፤ ልክም ነበሩ። ሰው እጁ በሌለበት ነገር፣ በጎረቤቱ ሞትም ሆነ በሩቅ አገር ጎርፍ፣ ሊያዝን ይችላል። ይቅርታ የሚጠይቅ ግን ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል።

የካቲት 13 ቀን 2008 እንደ ፈረንጆቹ፣ ተከታዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቪን ራድ በፓርላማ ቆመው በመንግሥትና በፓርላማው ስም ይቅርታ ጠየቁ። በደሉ በሕግና በፖሊሲ የተፈጸመ መሆኑን ጠቅሰው፣ ይቅርታውን ለተወሰዱት፣ ለእናቶችና ለአባቶች፣ ለወንድሞችና ለእህቶች አቀረቡ። ማን አጠፋ፣ ምን አጠፋ፣ ማን ተበደለ፤ ሦስቱም ተነገሩ።

«ቅር ያለው ካለ ይቅርታ» ውስጥ ግን ሦስቱም የሉም። ይባስ ብሎ ጥፋቱን ወደ ቅር ባዩ ይገፋዋል። ሽማግሌ ፊት የተቀመጠ ተበዳይ እንዲህ ሲባል «ታዲያ ምን አጠፋህ?» ብሎ ቢጠይቅ እውነቱን ነው።

«ይቅርታ ከተባለ በኋላ ነገሩ አለቀ።»

አላለቀም። የ2008ቱ ይቅርታ ካሳን አልጨመረም፤ መንግሥትም ያኔ ካሳ አልከፍልም ብሎ ነበር። ይቅርታ መጠየቅ አንድ ሥራ ነው፤ ይቅር ማለት የተበዳዩ ሌላ ሥራ ነው፤ ካሳ ደግሞ ሦስተኛ ነው።