ኤልያስ ከክትክታው ሥር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጥር 6 የግዝረትን በዓል ስናከብር የነቢዩ ኤልያስን ዕርገትም አስበናል። ከቅዳሴ በኋላ አንድ አባት እዚሁ ደብረ ብርሃን ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ያዙኝ። "መምህር፣ ይህን ልጅ ምከርልኝ" አሉ። "ሳይኮሎጂስት ጋ ልሂድ ይለኛል። ኤልያስ ጸልዮ ሰማይ ዘጋ፤ የእኔ ልጅ እንቅልፍ አጣሁ ብሎ ሰው ፊት ሊያለቅስ? እኛ ቤት ደካማ የለም።"

ልጁን አውቀዋለሁ፤ የጭነት ሹፌር ነው። ኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ እዚያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ በላብ ተጠምቆ ይባንናል። በር ሲንኳኳ ይደነግጣል። ከጣርማ በር ወዲያ የሚወርድ ጭነት ሲመጣ ለጓደኛው ያሳልፋል። ሸንኮራ ዮሐንስ ሁለት ሱባዔ ተጠምቋል፤ ጸሎቱንም አላስታጎለም። (ይህን የምጽፈው አባትም ልጅም ፈቅደውልኝ ነው።)

አባትየው የጠቀሱት ያዕቆብ 5፥17ን ነው። ግን ጥቅሱ የሚጀምረው "ኤልያስ እንደ እኛ የሆነ ሰው ነበረ" ብሎ ነው። ይህችን ዘለሏት። ብዙዎቻችን እንዘላታለን።

እስቲ 1ኛ ነገሥት 19ን እንክፈት። ኤልያስ በቀርሜሎስ እሳት ከሰማይ አውርዷል። ወዲያው ኤልዛቤል ዛተችበት፤ ሸሸ። ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ "ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ" አለ። ክትክታ የእኛም አገር ቁጥቋጦ ነው፤ ጥላው ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ጸሎት ያላነሰው ነቢይ ሞትን ለመነ። እግዚአብሔር "ጠንክር" አላለውም። መልአኩ ዳሰሰው፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በላና ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀሰቀሰው፤ "መንገድህ ሩቅ ነው፣ ብላ" አለው።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ በኮሬብ የሆነው ነው። እግዚአብሔር "ኤልያስ ሆይ፣ በዚህ ምን ታደርጋለህ?" ብሎ ጠየቀው። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ጠየቀ! ኤልያስ ብሶቱን ተናገረ፤ "እኔ ብቻዬን ቀረሁ" አለ። ደግሞ ጠየቀው፤ ኤልያስ ያንኑ ቃል በቃል ደገመው። "ነግረኸኝ የለ?" አልተባለም። በመጨረሻ ለበኣል ያልሰገዱ 7,000 እንዳሉ ነገረው፤ ኤልሳዕንም አጠገቡ አቆመለት።

አሁን ሳይኮሎጂስት ምን እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ብዙ ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት ያህል ይቀመጣሉ። በመጀመሪያ ታካሚው ስለ እንቅልፉና ስለ ድንጋጤው ይጠየቃል፤ ድንጋጤ ሲመጣ ትንፋሹን ማርገብ ይለማመዳል። ከዚያ ያን ክፉ ነገር ያየበትን ቀን በጥቂት በጥቂቱ ይተርካል፤ ደግሞም ይደግመዋል። ሲደጋገም ትዝታው አሁን እየሆነ ያለ ነገር መምሰሉን እየተወ ያለፈ ነገር ይሆናል። "ጥፋቱ የእኔ ነው" የሚል ሐሳብ ካለው ከእውነቱ ጋር ይመዘናል፤ "ብቻዬን ቀረሁ" ከ7,000ው ጋር እንደተመዘነ። የሸሸውንም መንገድ ከቀላሉ ጀምሮ ይመለስበታል። መጀመሪያ ላይ ቅዠቱ ሊብስ ይችላል፤ ያኔ የሚያቋርጥም አለ። ይህ የደካማ ሥራ ይመስላችኋል? እኔ አልችለው ይሆናል።

ልጁን የመከርኩት ይህን ነው። ለአባትህ ቡና ላይ፣ ጎረቤት ፊት አትንገር፤ እልህ ይይዛቸዋል። ለብቻቸው ስታገኛቸው "ጸሎቱን አልተውኩም፣ ጸበሉንም አልተውኩም። ግን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እየነቃሁ፣ ሲነጋ መኪና እነዳለሁ። እግሬ ቢሰበር ሐኪም ቤት አይወስዱኝም ነበር?" በል። "ተጨንቄያለሁ" ከማለት ይህ ይገባቸዋል። እምቢ ካሉ የንስሐ አባትህ እናንተ ቤት መጥተው ያነጋግሯቸው። አዋቂ ሰው ስለሆንክ ግን እሳቸው እስኪፈቅዱ አትጠብቅ።

አንድ ነገር ላይ ግን አልለሳለስም። ልጃችሁ እንደ ኤልያስ "ይበቃኛል፣ ሞቴን" ካለ ክርክሩን አቁሙ። ብቻውን አትተዉት፤ ገመዱን፣ መርዙን፣ መሣሪያውን ከቤት አውጡ፤ የዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት ውሰዱት። የአእምሮ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒትም "ጸበል ገብተሃልና ተወው" የምትሉ፣ ስለ እግዚአብሔር ተዉ! በድንገት ማቋረጥ ሕመሙ እንዲያገረሽ ሊያደርግ ይችላል። ጠዋት ተጠምቆ፣ ማታ መድኃኒቱን መዋጥ ይችላል። ንጉሥ ሕዝቅያስ ጸልዮ ተሰምቶለት ሳለ እንኳ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አስለጥፎበታል።

ልጁ ሰባተኛ ሳምንቱን ይዟል። ቅዳሜ ዕለት ከጓደኛው ጋር ጣርማ በርን አልፎ ደብረ ሲና ወርዶ፣ ሻይ ጠጥቶ ተመለሰ። ሸዋ ሮቢት ገና አልደረሰም። አባትየው ደወሉልኝና "ቀጠሮው ማክሰኞ ነው አይደል? እንዳይረሳው" አሉኝ።