«ኢንተርኔቱ ተቆርጧል» ከማለትዎ በፊት፦ ጥቅሉ ገደቡን ሲሞላ የሚሆነው

«ኮኔክሽኑ ተቆርጧል፤ ጎግል እንኳ አይከፍትም።»

ጎንደር ማራኪ ካምፓስ አካባቢ ፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሥራ ቤት ያላት አንዲት ሴት ደውላ የነገረችኝ ይህንኑ ነበር። ስደርስ ተማሪዎች ተሰልፈዋል። ኮምፒውተሩ ላይ የአንዱ የመመረቂያ ጽሑፍ ከኢሜይል መውረድ ጀምሮ ቀጥ ብሏል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልኳ ግን በዚያው ዋይፋይ የቴሌግራም መልእክት እየተቀበለ ነው። ጽሑፉ ይገባል፣ ፎቶው ደብዝዞ ይቀራል። የእውነት የተቆረጠ መስመር ደግሞ ጽሑፉንም አያስገባም።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ግልጽ ነው። የገዛችው ወርኃዊ ጥቅል እስከ 100 ጊጋባይት በሙሉ ፍጥነት ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ በፍትሃዊ አጠቃቀም ደንቡ መሠረት ወደ 128 ኪሎቢት በሰከንድ ይወርዳል። መጠኑ እንደ ጥቅሉ ይለያያል፤ የእሷ ይህ ነበር። 128 ኪሎቢት ለስምንት ሲካፈል 16 ኪሎባይት በሰከንድ ይሆናል። ጥቂት ኪሎባይት የሆነ የቴሌግራም ጽሑፍ በዚህ ፍጥነት ወዲያው ያልፋል። 2 ሜጋባይት ፎቶ ግን ማንም ሳይሻማው ብቻውን ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ 20 ሜጋባይት የመመረቂያ ጽሑፍ ደግሞ ሃያ ደቂቃ። ዛሬ አንድ ተራ ድረ ገጽ ሁለትና ሦስት ሜጋባይት ይመዝናል፤ በዚያ ላይ በደርዘን የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ለየብቻ ይጠይቃል። አንዱ ፋይል ሲዘገይ አሳሹ ወይም አፑ መጠበቅ ይሰለቸውና «ኢንተርኔት የለም» ብሎ ያቆማል። ሰውም የሚያምነው ይህንን ጽሑፍ ነው።

ስልኩ ራሱ ያሳስታል። አንድሮይድ ዋይፋይ ሲያገኝ ኢንተርኔት መኖሩን ለማረጋገጥ ወደ ጎግል አንዲት ትንሽ ጥያቄ ይልካል። መስመሩ በሌላ ነገር ተጨናንቆ መልሱ በጊዜ ካልመጣ፣ የዋይፋይ ምልክቱ ላይ ቃለ አጋኖ ይለጥፍና ኢንተርኔት የሌለ ያስመስላል። መስመሩ ግን አለ።

መለየት ይቻላል፤ ብዙም አይከብድም። በመጀመሪያ ከአንድ ኮምፒውተር በስተቀር ሁሉም ከዋይፋዩ ይውጣ። ከዚያ በዊንዶውስ ኮምፒውተሩ ላይ ትእዛዝ መጻፊያውን ከፍተው ይህን ይጻፉ፦

```
ping -n 20 8.8.8.8
```

ትእዛዙ ወደ ጎግል ሃያ ትናንሽ ጥያቄዎችን ይልካል። እዚያ ቤት ሃያዎቹም መልስ ሰጡ፤ አብዛኞቹ 70 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነበሩ። ይህ የጤነኛ መስመር መልስ ነው። ቀጥለን አንዱን ስልክ መልሰን አገናኘነውና ቪዲዮ እንዲያወርድ አደረግን። ያው ትእዛዝ ሲደገም መልሱ ወደ 2000 እና 3000 ሚሊሰከንድ ዘለለ፤ ምክንያቱም ያቺ ጠባብ መንገድ በቪዲዮው ስለተሞላች የእኛ ጥያቄ ከኋላው ተሰልፎ መጠበቅ ነበረበት። አንዳንዱ ኔትወርክ ትርፉን ከማሰለፍ ይልቅ ይጥለዋል፤ እንዲያ ከሆነ ከሃያው ጥቂቶቹ ጠፍተው ያያሉ። ሃያዎቹም `Request timed out` ካሉ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ያኔ የመቆረጥ ጥርጣሬው ትክክል ነው።

«ራውተሩን ሪሴት ባደርገው ይለቃል።»

እኔ ከመድረሴ በፊት የጎረቤት ልጅ በመርፌ ሪሴቱን ሊወጋው ሲል «ቆይ» ያለችው እሷ ናት። እግዜር ይስጣት። ራውተርን አጥፍቶ በማብራትና በሪሴት መካከል ሰፊ ልዩነት አለ። ማጥፋትና ማብራት ጉዳት የለውም፤ ገደብ ለሞላ ጥቅል ጥቅምም የለውም። የተበላው ዳታ የሚቆጠረው ድርጅቱ ዘንድ፣ በሲም ካርዱ ወይም በደንበኝነት መለያው ላይ ነው እንጂ ራውተሩ ውስጥ አይደለም። መቶ ጊዜ ቢያጠፉት ተመልሶ ሲገናኝ ሲስተሙ ያንኑ ደንበኛ ያውቀዋል፤ ያንኑ ፍጥነት ይሰጠዋል።

ሪሴት ግን ራውተሩ ውስጥ የተሞላውን ሁሉ ይደመስሳል። በቤት መስመር ላይ ይህ ማለት የመስመሩ መለያ ስምና የይለፍ ቃልም አብሮ ይጠፋል ማለት ነው። ቴክኒሺያኑ ሲገጥም የሞላውን ያንን መረጃ ወረቀት ላይ የያዘ ቤት ጥቂት ነው። እስኪገኝ ድረስ ዘገምተኛ የነበረው መስመር የእውነት ይሞታል። ለዕቃ ጥገና ከሚመጣልኝ ራውተር ውስጥ እንዲህ ተነክቶ የተበላሸው ብዙ ነው።

ቪፒኤን መክፈትም፣ ዲኤንኤስ መቀየርም፣ ኤፒኤን እንደገና መሙላትም ያው ናቸው። የሚገደበው በመስመሩ የሚያልፈው ዳታ በጠቅላላ ስለሆነ፣ በቪፒኤን የተሸፈነውም እኩል ይቆጠራል፤ እኩልም ይጎተታል።

«ኔትወርክ ተጨናንቆ ነው፤ ሌሊት ይለቃል።»

መጨናነቅ ራሱ እውነት ነው። በጥምቀት ጥር 10 እና 11 ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ዙሪያ ቆሞ ቪዲዮ ለመላክ የሞከረ ጎንደሬ ሁሉ ያውቀዋል። ሕዝቡ በሙሉ ስልኩን አውጥቶ እነዚያኑ ጥቂት አንቴናዎች ይሻማል። ግን ያ መጨናነቅ ባሕርይ አለው። አዘዞ ሲደርሱ ይሻሻላል፤ ሕዝቡ ሲበተን ይለቃል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንኳ አንዴ 3 ሜጋቢት፣ አንዴ ግማሽ፣ አንዴ 1 እያለ ይዋዥቃል።

በገደብ የወረደ ፍጥነት አይዋዥቅም። በጽሕፈት ቤቱ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ስፒድ ቴስት ስናደርግ 0.12 ሜጋቢት አለ። ማታ 2 ሰዓት ላይ 0.13። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ከተማው ገና ሳይነቃ፣ እንደገና 0.12። የተጨናነቀ ኔትወርክ በማለዳ እንዲህ አይልም። እንዲህ በአንድ ቁጥር ላይ ተቸክሎ የሚቀር ፍጥነት ሰው የወሰነው ፍጥነት ነው። ስፒድ ቴስቱ አንዳንዴ ሳይጨርስ ስህተት ብሎ ይቆማል፤ እሱንም «ሞቷል» ብለው አይተርጉሙት፣ ሌሎቹን ስልኮች አስወጥተው ይድገሙት።

ቦታ መቀየርም ጥሩ መለያ ነው። ሲም የሚወስድ ራውተር ከሆነ ፒያሳ ይዘውት ሄደው ይሞክሩት፤ ችግሩ አብሮዎት ከሄደ የሰፈሩ አንቴና ጥፋት የለበትም። ከዚያ ያንኑ ራውተር ላይ የሌላ ሰው፣ ዳታ ያለው የዚያው ድርጅት ሲም ያስገቡ። በሌላው ሲም ከበረረ ነገሩ ተለየ፤ ገደቡ ያለው የእርስዎ ሲም ላይ ነው።

«ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ 4ጂ ይላል፣ ታዲያ እንዴት ሊሆን ይችላል?»

ሲግናሉ የሚያሳየው ከአንቴናው ጋር ምን ያህል ጥሩ እንደተገናኙ ብቻ ነው። ገደቡ የሚጣለው ከዚያ አልፎ፣ ውስጥ ነው። እንዲያውም ሙሉ ሲግናልና የሞተ ፍጥነት አንድ ላይ ሲታዩ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ጥቅሉ ነው።

«ያልተገደበ ብዬ ከፍዬ፣ ደግሞ ምን ገደብ?»

ቅሬታው ይገባኛል። እኔም ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚጻፈውና ውሉ ውስጥ በትንሹ የሚጻፈው እኩል መታየት ነበረበት ባይ ነኝ። አሠራሩ ግን እንዲህ ነው፦ ዳታው አልቆ አይዘጋም፣ ተጨማሪ ሂሳብም አይቆረጥም፣ ነገር ግን ከተወሰነ መጠን በኋላ ፍጥነቱ ይወርዳል። የአንዱ አንቴና አቅም ለብዙ ሰው የሚከፋፈል በመሆኑ ጥቂቶች ቀንና ሌሊት እንዳይዙት ነው የተደረገው። ሲገዙ መጠየቅ ያለባቸው ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፦ ስንት ጊጋባይት ላይ ይወርዳል? ወደ ስንት ይወርዳል? መቼ ይታደሳል?

«እኔ ኢሜይልና ፕሪንት ብቻ ነው፣ 100 ጊጋ የት አባቱ ይሄዳል?» አለችኝ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት። የዋይፋዩ ይለፍ ቃል ግድግዳው ላይ በማርከር ተጽፏል። ፕሪንት የሚጠብቅ ተማሪ ሁሉ ይገናኛል፤ ስልኩም ዋይፋይ አገኘሁ ብሎ የወር ፎቶውን ወደ ጎግል መጫን፣ አፖቹን ማደስ ይጀምራል። ዩቲዩብ በ720p ጥራት አንድ ሰዓት ሲታይ 1 ጊጋባይት አካባቢ ይበላል። በቀን አምስት ጊጋባይት ከሄደ 100ው በ20 ቀን አለቀ። የእሷ በ19ኛው ቀን ነው የሞላው።

«አንዴ ከወረደ ወሩ እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።»

16 ኪሎባይት በሰከንድ ትንሽ ናት፤ ግን ብቻዋን ከተተወች ትሠራለች። የገደለቻት ከጀርባ የሚሠራው ነው። ዊንዶውሱ ላይ የዋይፋዩን ስም ተጭነን `Metered connection` የሚለውን አበራን፤ የዊንዶውስ ማደሻዎች አብዛኞቹ ቆሙ። ስልኳ ላይም ዋይፋዩን `Treat as metered` አድርገን `Data Saver` አበራንና የፎቶ መጫኑን አጠፋን። የዋይፋዩን ይለፍ ቃል ቀየርን፤ ግድግዳውም ተጠረገ። ከዚያ በኋላ ኢሜይል ይከፍት ጀመር፣ 300 ኪሎባይት የሆነ ፒዲኤፍ በሃያ ሰከንድ ገደማ ወረደ። ለፕሪንት ሥራ ይህ ይበቃል። የድምፅ ጥሪም፣ ሌላ ምንም ካልሠራ፣ ያልፋል። ቪዲዮ ግን አይታሰብ።

ተጨማሪ ጥቅል ከመግዛትዎ በፊት አዲሱ ጥቅል ፍጥነቱን ወዲያው ይመልስ እንደሆነ ለደንበኞች አገልግሎት ይጠይቁ። የቀድሞው እስኪያልቅ ወረፋ የሚይዝ ከሆነ ገንዘብዎ ዛሬ ምንም አይሠራም።

የመታደሻው ቀን ደግሞ ወሩ የገባበት ቀን ላይሆን ይችላል፤ 30 ቀኑ ከገዙበት ዕለትና ሰዓት የሚቆጠር ጥቅል ብዙ ነው። ዕለቱ ደርሶ፣ ጥቅሉ መታደሱን መልእክት መጥቶ፣ ፍጥነቱ አሁንም 0.12 ላይ ከቆመ፣ የቀድሞው ግንኙነት ሳይቋረጥ አሮጌውን ገደብ ይዞ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ራውተሩን አጥፍቶ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ማብራት የሚጠቅመው ይህን ጊዜ ነው። ካልለቀ፣ የሦስቱን ስፒድ ቴስት ቁጥርና ሰዓት፣ የፒንጉንም ውጤት ይዘው ይደውሉ፤ «አጥፍተው ያብሩት» የሚለውን የመጀመሪያ መልስ አስቀድመው ጨርሰውታል።