በወሎ አንደኛ ክፍል የልጅን ንባብ መመዝገብ

ራኒንግ ሪከርድ ልጁ ጮክ ብሎ ሲያነብ መምህሩ ቃል በቃል እየተከተለ የሚይዘው መዝገብ ነው። ዘዴውን ያወጣችው ኒውዚላንዳዊቷ ማሪ ክሌይ ናት። የሚያስፈልገው ወረቀትና እርሳስ ብቻ ስለሆነ በወሎ ገጠርም ልጆች በሚበዙበት ክፍል ይሠራል። ሌሎቹ እየጻፉ መምህሩ አንዱን ልጅ አጠገቡ ያስቀምጣል።

ልክ ለተነበበ ቃል ራይት ይደረጋል። ልጁ ሌላ ቃል ካለ፣ ያለው ከላይ፣ የመጽሐፉ ከታች ይጻፋል። ለዘለለው ቃል ሰረዝ ይሰመራል። ጠፍቶት መምህሩ ከነገረው ያም ስሕተት ነው። ራሱ ያረመው ቃልም ሆነ ደጋግሞ ያነበበው ግን ይመዘገባል እንጂ እንደ ስሕተት አይቆጠርም።

አንድ የ40 ቃላት ጽሑፍ እንውሰድ። መጀመሪያው «ፀሐይ ወጣች። አሊ በጎቹን ወደ ሜዳ ነዳ» ይላል። ልጁ «በጎቹን» የሚለውን «በጎቹ» ብሎ አነበበ። «ትንሽ»ን ዘለለ። «ጨለማ» አልወጣ ብሎት ተነገረው። «ሰማ»ን መጀመሪያ «ለማ» አለና ወዲያው አረመ። ስሕተቱ 3 ነው። ከ40 ውስጥ 37 ልክ ነው፣ ማለትም 92.5 በመቶ።

በተለመደው መለኪያ 95 እና ከዚያ በላይ ለልጁ ቀላል ነው፣ ብቻውን ያነበዋል። ከ90 እስከ 94 በመምህር እርዳታ የሚማርበት ነው። ከ90 በታች ይከብደዋል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለማስተማሪያ ይሆናል።

አሁን «ፀሐይ» ላይ እንመለስ። ቃሉ በጽሑፉ ውስጥ ሁለት ጊዜ አለ። ልጁ ሁለቱንም ጊዜ «ጠሐይ» አለ። በወሎ ገጠር ብዙ ሰው ፀን ጠ ብሎ ነው የሚናገረው፣ ጾምም ጦም ነው። ልጁ ፊደሉን አይቶ የቤቱን ድምፅ አወጣ፣ ቃሉንም አውቆታል። መምህሩ ይህን ቢቆጥር ስሕተቱ 5 ይሆንና ውጤቱ ወደ 87.5 ይወርዳል። ልጁም ሊማርበት የሚችለውን ጽሑፍ ይነጠቃል። በክሌይ ደንብም የአነጋገር ልዩነት ስሕተት አይደለም። «በጎቹ» ግን ሌላ ነገር ነው። ን በዓይኑ ፊት ቆማ አልፏታል፤ በማንም አነጋገር አትጠፋም።

ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። በ40 ቃላት ጽሑፍ አንድ ስሕተት 2.5 በመቶ ስለሚያወርድ፣ ድንበር ላይ ያለ ልጅ በሌላ ጽሑፍ ደግሞ መታየት አለበት። ሌላው ችግር ሽምደዳ ነው። ክፍሉ በአንድ ድምፅ ሲደጋግመው የሰነበተ ጽሑፍ ከሆነ ልጁ ገጹን ሳያይ ይወጣዋል። ይህን ለመለየት ከመሃል አንድ ቃል በጣት አሳይቶ «ይህ ምን ይላል?» ማለት ይበቃል። ለመልሱ ከመጀመሪያው መስመር መነሳት ካስፈለገው በቃሉ ይዞታል፤ ምዝገባው ባላየው ጽሑፍ ይደገማል።