ፕሬድኒሶሎንን ማቆም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሕመሙ ለቆኛል። ክኒኑን ዛሬውኑ ባቆመው ምን ችግር አለው?»

ለጥቂት ቀናት ብቻ ከታዘዘልዎ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። ከ3 ወይም 4 ሳምንት በላይ ከወሰዱ ግን ነገሩ ይለያል። ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት አድሬናል ዕጢዎች ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ያመነጫሉ። የደም ግፊታችንና የደም ስኳራችን እንዳይወርድ የሚያግዘን እሱ ነው። ፕሬድኒሶሎን ይህንኑ ሥራ ስለሚሠራ አንጎል ዕጢዎቹን ማዘዝ ያቆማል። ያልታዘዙ ዕጢዎች ደግሞ ቀስ በቀስ ያንቀላፋሉ። እስኪነቁ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል።

«ከ40 ሚሊግራም 5 ደርሻለሁ። የቀረችው ትንሽ ናት፤ ብተዋትስ?»

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚሁ ላይ ነው። ሰውነት በቀን የሚያመነጨው ኮርቲሶል ከ5 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን ጋር ይቀራረባል። ከዚያ በላይ ሳሉ ክኒኑ ብቻውን ይበቃዎታል። ከዚያ በታች ሲወርዱ ጉድለቱን ዕጢዎቹ መሙላት አለባቸው። ስለዚህ ሐኪሞች ከላይ በ5 ሚሊግራም ቢቀንሱም፣ ታች ሲደርሱ በ1 ሚሊግራም ብቻ፣ ብዙውን ጊዜም በየ4 ሳምንቱ ይቀንሳሉ። ዕጢዎቹ መንቃታቸው የሚታወቀው በጠዋት በሚደረግ የኮርቲሶል የደም ምርመራ ነው። ለዚህ ምርመራ የዕለቱ ክኒን የሚወሰደው ደሙ ከተቀዳ በኋላ ነው።

«ሦስት ቀን ዘለልኩ። ድካምና ማቅለሽለሽ አለኝ፤ ጉንፋን ይሆናል።»

ሊሆን ይችላል፤ ግን በጉንፋን ብቻ አይለፉት። ለሁለት ወር ክኒኑን የወሰደች አንዲት ሴት እናስብ። ክኒኑ አለቀባት። በሁለተኛው ቀን ጉልበቷ ከዳት፤ መገጣጠሚያዋን ይቆረጥማት ጀመር። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዛት። ከአልጋ ስትነሳ ዓይኗ ይጨልምባታል፤ ያስመልሳታል፤ ሆዷንም ያማታል። ቤተሰቧ የሆድ ሕመም መስሏቸው «ተኚ፣ ይሻልሻል» ይሏታል። ሴትዮዋን ወደ አደጋው የገፋት ትኩሳቱ ነው። ስንታመም ሰውነት ብዙ ኮርቲሶል ይፈልጋል፤ ዕጢዎቿ ግን ተኝተዋል።

ማስመለስ፣ ሲነሱ መፍዘዝ፣ ግራ መጋባት ወይም ራስን መሳት ካለ ነገ ማለት አይገባም። ወዲያው ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። የመጀመሪያው ቃል «ፕሬድኒሶሎን እወስድ ነበር፤ አቋርጫለሁ» ይሁን። ሕክምናው የሃይድሮኮርቲሶን መርፌ ነው። ለአዋቂ ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው 100 ሚሊግራም ነው፤ በደም ሥር ከሚሰጥ የጨው ፈሳሽ ጋር።

«ትናንት ረሳሁ፤ ዛሬ ደርቤ ልዋጥ።»

አይደርቡ። በዚያው ቀን ካስታወሱ ይዋጡት፤ ቀኑ ካለፈ የዛሬውን ብቻ። የዋጡትን ወዲያው ካስመለሱ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ደጋግመው እያስመለሱ ክኒኑ ካልረጋልዎ ግን መርፌ ያስፈልግዎ ይሆናልና ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና ይሂዱ።